የጉግልን የመልስ ሳጥን የሚይዝ ጽሑፍ እንዴት ይደራጃል?

ጥያቄ፦ «"ዲኤንኤስ ካሽ እንዴት ይጸዳል" ተብሎ ሲፈለግ ጽሑፌ 4ኛ ላይ ይወጣል። ፊቸርድ ስኒፔቱን ግን ከኔ በታች 6ኛ ላይ የነበረ ገጽ ወሰደው። እኔ ትርጉሙን በደማቅ ጽፌያለሁ፣ የኤፍኤኪው ስኪማ ጨምሬያለሁ፣ ጽሑፌም 2500 ቃል ነው፤ የሱ ግማሹን አይሆንም። ምን ጎደለኝ?»

ስኪማው፣ ማለትም ለፍለጋ ሞተሮች ተብሎ በገጹ ኮድ ውስጥ የሚጨመረው መግለጫ፣ ከዚህ በላይ ጊዜዎን አይውሰድ። ፊቸርድ ስኒፔት፣ ማለትም ከውጤቶቹ ሁሉ በላይ የሚወጣው የመልስ ሳጥን፣ በስኪማ አይገኝም። አንድን ገጽ «ለሳጥኑ ይሁን» ብሎ ምልክት የሚደረግበት መንገድ እንደሌለ ጉግል በመመሪያው ላይ በግልጽ ጽፎታል። ሳጥኑ የሚሞላው ሰው ገጹ ላይ ከሚያነበው ጽሑፍ ተቆርጦ ነው። የኤፍኤኪው ስኪማ ሥራው ሌላ ነበር፤ ከገጹ ርዕስ ሥር የሚዘረጉ ጥያቄዎችን ያሳይ ነበር። እሱንም ቢሆን ጉግል እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ለታወቁ የመንግሥትና የጤና ድረ ገጾች ብቻ ወስኖታል። በደማቅ መጻፉና የቃሉ ብዛትም ለሳጥኑ የሚጨምሩት ነገር የለም። እንዲያውም 2500 ቃል ውስጥ መልሱ ተበታትኖ ከሆነ ርዝመቱ ጎድቶዎታል።

6ኛው ገጽ 4ኛውን ሊቀድም መቻሉ አያስደንቅ። በተግባር ሲታይ ሳጥኑን የሚይዙት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በመጀመሪያው የውጤት ገጽ ላይ ያሉ ገጾች ናቸው። ከእነሱ መካከል የሚመረጠው ግን ለጥያቄው ብቻውን ተቆርጦ መልስ ሊሆን የሚችል ክፍል ያለው ነው። ደረጃው ከበር ያስገባል እንጂ ወንበሩን አይሰጥም። እርስዎ በሩን አልፈዋል፤ ስለዚህ የቀረዎት ሥራ ከሌሎች ድረ ገጾች አገናኝ መሰብሰብ ወይም ጽሑፉን ማስረዘም ሳይሆን ያለውን ማደራጀት ነው።

ዋናው ስሕተት ይህ ይመስለኛል፦ ጥያቄው «እንዴት ይጸዳል» ነው፣ እርስዎ ያዘጋጁት ግን ትርጉም ነው። «እንዴት» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚፈልገው ቅደም ተከተል ስለሆነ ሳጥኑም አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር የተደረደረ ዝርዝር ሆኖ ይወጣል። «ምንድን ነው» ለሚለው አጭር አንቀጽ፣ «ልዩነታቸው ምንድን ነው» ወይም «ስንት ስንት ነው» ለሚለው ደግሞ ሠንጠረዥ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ቃል ከማረምዎ በፊት የብራውዘሩን ግላዊ መስኮት ከፍተው ያንኑ ሐረግ ይፈልጉና ሳጥኑ ውስጥ ያለው አንቀጽ ነው፣ ዝርዝር ነው ወይስ ሠንጠረዥ ብለው ይመልከቱ። ከዚያ ሳጥኑን የያዘውን ገጽ ከፍተው ከዝርዝሩ በላይ ያለው ንዑስ ርዕስ ምን እንደሚል፣ ደረጃዎቹ ስንት እንደሆኑ፣ እያንዳንዱም ስንት ቃል እንደሆነ ይቁጠሩ። ለመወዳደር የሚያስፈልግዎ ይኸው ቅርጽ ነው፤ ይዘቱ ግን የራስዎና ከሱ የጠራ መሆን አለበት። ሐረጉን ሲፈልጉ ምንም ሳጥን ካልወጣ ደግሞ በዚያ ሐረግ የሚያዝ ነገር የለምና ሳጥን የሚወጣበትን ሌላ አጠያየቅ ይፈልጉ።

የእርስዎ ጽሑፍ የዝርዝር ክፍል እንዲህ ቢሆን ለመቆረጥ ዝግጁ ነው፦

```html
<h2>ዲኤንኤስ ካሽ በዊንዶውስ እንዴት ይጸዳል?</h2>
<p>ዲኤንኤስ ካሽን በዊንዶውስ ለማጽዳት እነዚህን 5 ደረጃዎች ይከተሉ፦</p>
<ol>
  <li>Start ምናሌን ከፍተው cmd ብለው ይጻፉ።</li>
  <li>Command Prompt የሚለውን ይጫኑ።</li>
  <li>ipconfig /flushdns ብለው ጽፈው Enter ይጫኑ።</li>
  <li>Successfully flushed የሚል መልእክት መምጣቱን ያረጋግጡ።</li>
  <li>ብራውዘሩን ዘግተው እንደገና ይክፈቱ።</li>
</ol>
```

ንዑስ ርዕሱ ጥያቄውን ሙሉ በሙሉ ይዟል። ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ቦታ ላይ «ደረጃዎቹ» ወይም «አሠራሩ» ብለው ያልፋሉ። ገጹን ከላይ ጀምሮ ለሚያነብ ሰው ያ በቂ ነው፤ ክፍሉ ተቆርጦ ሲወጣ ግን የምን ደረጃዎች እንደሆኑ የሚናገር ነገር አይቀርም። በንዑስ ርዕሱና በዝርዝሩ መካከል ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። እዚያ መሃል የማስታወቂያ ሳጥን፣ «ከመጀመራችን በፊት» የሚል ረጅም አንቀጽ ወይም የቪዲዮ ማጫወቻ ከገባ ጥያቄውና መልሱ ይራራቃሉ፤ ዝርዝሩ የየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነም ግልጽነቱ ይቀንሳል።

እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ሥራ፣ ቢበዛ ተከታትለው የሚሠሩ ሁለት ሥራዎች ይያዝ፤ ከ10 ወይም 12 ቃልም አይለፍ። ለምን እንደሚደረግ፣ ካልሠራ ምን እንደሚሆን፣ ምን ዓይነት ኮምፒውተር ላይ እንደሚለይ የሚያብራራው ሁሉ ከዝርዝሩ በታች በተለየ አንቀጽ ይግባ። በዝርዝሩ ውስጥ ከገባ ደረጃው በመሃል ይቆረጣል። አማርኛ ላይ ይህ ከሌላው ቋንቋ ይከፋል፤ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ የተቆረጠ ዓረፍተ ነገር ምን አድርጉ እንደሚል እንኳ አይታወቅም። «በቅርቡ የድረ ገጽዎን ሰርቨር ቀይረው ከሆነና ገጹ አሁንም አሮጌውን ይዘት የሚያሳይዎት ከሆነ መጀመሪያ...» ብሎ የቆመ ደረጃ ለማንም አይጠቅም።

ቁጥሮቹን በእጅ አይጻፉ። አንቀጽ ጀምሮ «1.» ብሎ መጻፍ ለዓይን ዝርዝር ይመስላል፤ በኮዱ ውስጥ ግን ተራ አንቀጾች ናቸውና ጉግል ከአውዱ ካልገመተ በቀር ዝርዝር መሆናቸውን የሚያውቅበት ነገር የለም። በጽሑፍ ማዘጋጃው ላይ ያለውን የቁጥር ዝርዝር ቁልፍ ይጠቀሙ፤ ኮዱ ውስጥ `<ol>` እና `<li>` መኖራቸውንም አንዴ ይመልከቱ።

ከሁሉ የሚበዛው ብልሽት ግን የሚመጣው ከሥዕል ነው። በዎርድፕረስ ብሎክ ማዘጋጃ ከደረጃ 2 በኋላ የስክሪን ፎቶ ብሎክ ሲያስገቡ ዝርዝሩ ለሁለት ይከፈላል፤ የመጀመሪያው 2 ደረጃ ብቻ ይዞ ይቀራል፣ ሁለተኛው ደግሞ ከ1 ይጀምራል። ቁጥሩ እንዲቀጥል አድርገው ቢያስተካክሉት እንኳ ለማሽኑ አሁንም ሁለት ዝርዝሮች ናቸው። ሳጥኑ ውስጥ ግማሽ ዝርዝር ብቻ የሚታየው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። ደረጃዎቹ አጫጭር ከሆኑ ዝርዝሩን ሳይቋረጥ አስቀምጠው ፎቶዎቹን ከሥሩ በተርታ ያድርጉ። እያንዳንዱ ደረጃ ፎቶና ማብራሪያ የግድ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ `<ol>` ይተዉና እያንዳንዱን ደረጃ `<h3>` ያድርጉት፤ «ደረጃ 1፦ Command Prompt ይክፈቱ»፣ «ደረጃ 2፦ ትእዛዙን ይጻፉ» እያሉ በተመሳሳይ አጻጻፍ። ጉግል ተከታታይ ንዑስ ርዕሶችን ሰብስቦ ዝርዝር መሥራት ይችላል። ለዚህ ግን በመካከላቸው «ጠቃሚ ምክር» የመሰለ ሌላ `<h3>` ጣልቃ መግባት የለበትም፤ ከገባ እሱም እንደ አንድ ደረጃ ተቆጥሮ ሊወጣ ይችላል።

ሌላው የሚያበላሸው የዊንዶውስንና የማክን አሠራር በአንድ ዝርዝር መቀላቀል ነው። «ዊንዶውስ ከሆነ ይህን፣ ማክ ከሆነ ያንን» የሚል ደረጃ ለሁለቱም ጠያቂዎች ግማሽ መልስ ነው። ለማክ የራሱ `<h2>` እና የራሱ ዝርዝር ይኑረው፣ ትእዛዙም ሙሉውን ይጻፍ፦

```
sudo dscacheutil -flushcache; sudo killall -HUP mDNSResponder
```

እንዲህ ሲለያዩ አንዱ ጽሑፍ በሁለት የተለያዩ ፍለጋዎች ሁለት ሳጥኖች ሊይዝ ይችላል። ረዥም ዝርዝር ከሆነ ሳጥኑ ወደ 8 የሚጠጉትን አሳይቶ የቀረውን ገጹ ላይ እንዲያዩ ይጠቁማል፤ በዚህ ምክንያት ሰው እንዲገባ ብለው 5ቱን ደረጃ ወደ 10 የሚሸነሽኑ አሉ። አይሞክሩት። ደረጃው 5 ከሆነ 5 ነው፤ የተሸነሸነው ዝርዝር ለአንባቢው አድካሚ ነው፣ ከሌላው ጋር ሲወዳደርም ደካማ ይሆናል።

አሁን ወደ ትርጉሙ። ትርጉሙ አላስፈላጊ አይደለም፤ «ዲኤንኤስ ካሽ ምንድን ነው» የሚለው የራሱ ጠያቂዎች ያሉት ሌላ ፍለጋ ነው፤ ስለዚህ የራሱ ንዑስ ርዕስና ከሥሩ አንድ አንቀጽ ይሰጠው። ለእንግሊዝኛ ብዙ ባለሙያዎች ከ40 እስከ 60 ቃል ይመክራሉ። አማርኛ አንዱን ቃል ባለቤት፣ ተሳቢና አሉታ አሸክሞ ስለሚሄድ ከ30 እስከ 45 ቃል ተመሳሳይ ቦታ ይሞላል። አሁን እንደ እርስዎ ባሉ ጽሑፎች ላይ የሚበዛው አጀማመር ይህን ይመስላል፦ «ዛሬ ዛሬ ኢንተርኔት የማይጠቀም ሰው የለም። አንዳንድ ጊዜ ግን ድረ ገጽ አልከፈት ሲለን እንቸገራለን። ለዚህ አንዱ ምክንያት ዲኤንኤስ ካሽ ነው። ለመሆኑ ይህ ምን ይሆን? አብረን እንይ።» ከዚህ ውስጥ ተቆርጦ መልስ የሚሆን አንድም ዓረፍተ ነገር የለም። ቢስተካከል ይህን ይሆናል፦

«ዲኤንኤስ ካሽ ማለት ኮምፒውተር የድረ ገጾችን ስምና አይፒ አድራሻ ለአጭር ጊዜ አኑሮ የሚያቆይበት ማኅደረ ትውስታ ነው። አንድ ድረ ገጽ ዳግመኛ ሲከፈት ኮምፒውተሩ አድራሻውን ከዚህ ስለሚያነብ ሌላ ሰርቨር መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ገጹም ቶሎ ይከፈታል። ድረ ገጹ አድራሻ ሲቀይር ግን አሮጌው መዝገብ ገጹ እንዳይከፈት ሊያደርግ ይችላል።»

ይህ 43 ቃል ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር 16 ቃል ሆኖ ብቻውን ትርጉም ነው፤ ሁለተኛው አሠራሩን፣ ሦስተኛው ጠያቂውን ወደዚህ ያመጣውን ችግር ይናገራል። አንቀጹ የሚጀምረው በራሱ በቃሉ ነው፤ «ይህ»፣ «እሱም»፣ «ከላይ እንዳየነው» የሚሉት የሉም፤ ተቆርጠው ሲወጡ የሚያመለክቱት ነገር አብሯቸው አይሄድምና። «ማለት» እና «ነው» ያሉበት ቀጥተኛ አገነባብ ለትርጉም ከማንኛውም ይሻላል። በመካከላቸው ግን «የ...» እና «የሚ...» እየደራረቡ 30 ቃል አይጫኑ፤ አንባቢው «ነው» ላይ ሲደርስ ምን እንደተባለ ይረሳል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንቀጹን ገልብጠው ባዶ ገጽ ላይ ይለጥፉና ጽሑፉን ላላየ ሰው ያንብቡለት። «ምኑ?» ብሎ ከጠየቀዎት አልተጠናቀቀም ማለት ነው።

ሦስተኛው ክፍል አጫጭር መልሶች ናቸው። እዚህ ላይ ሕጉ አንድ ነው፤ መልሱ ይቀድማል፣ ምክንያቱ ይከተላል። «ዲኤንኤስ ካሽን ማጽዳት የይለፍ ቃል ያጠፋል?» ለሚለው እንዲህ ይጻፋል፦ «አያጠፋም። ዲኤንኤስ ካሽን ማጽዳት የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን፣ ኩኪዎችንም ሆነ የአሰሳ ታሪክን አይነካም። የሚያጠፋው የድረ ገጾችን ስምና አይፒ አድራሻ የያዘውን ጊዜያዊ መዝገብ ብቻ ነው።» ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሙሉ ስሙን መልሶ እንደጠራ ልብ ይበሉ። «አያጠፋም» ብቻውን ቢቆረጥ ምንም አይናገርም።

መልሱ «እንደ ሁኔታው ይለያያል» የሚሆንባቸው ጥያቄዎች ላይ ብዙዎች ይሰናከላሉ። «ዲኤንኤስ ካሽ ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል?» ቢባል እውነትም ይለያያል። ነገር ግን በምን እንደሚለያይ መናገርና አንድ ቁጥር ማሳየት ይቻላል፦ «ዲኤንኤስ ካሽ የሚቆየው የድረ ገጹ ባለቤት ቲቲኤል በሚባለው ቁጥር በሰከንድ ለወሰነው ጊዜ ነው፤ ቲቲኤሉ 3600 ከሆነ መዝገቡ እስከ 1 ሰዓት ይቆያል።» ይህ ታማኝም የተሟላም መልስ ነው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ 2 ወይም 3 ይበቃል። ማንም የማይጠይቃቸውን 20 ጥያቄዎች ከጽሑፉ ግርጌ መደርደር ገጹን ያረዝማል እንጂ ሳጥን አያመጣም። የትኞቹን እንደሚመርጡ ሰርች ኮንሶል የተባለው የጉግል መሣሪያ ይነግርዎታል፤ በዚያ ገጽ የጥያቄዎች ዝርዝር ውስጥ ሰዎች በእርግጥ ጽፈው የገቡባቸውን ሐረጎች ይውሰዱ።

ይህን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያረጋግጡ። የገጹን ምንጭ ኮድ ይክፈቱና `nosnippet` እና `max-snippet` የሚሉትን ይፈልጉ። አንዳንድ ጊዜ ከድረ ገጹ ገጽታ ወይም ከኤስኢኦ ፕለጊን ማስተካከያ የመጣ እንዲህ ያለ መስመር ይገኛል፦

```html
<meta name="robots" content="nosnippet">
```

ይህ ካለ ጽሑፉ የቱንም ያህል ቢስተካከል ሳጥን አይገባም፤ ተራው የውጤት መግለጫም አብሮ ይጠፋል። `max-snippet:50` ያለ ትንሽ ቁጥርም የሚፈቅደው የፊደል ብዛት ለአንድ አንቀጽ ስለማይበቃ ዕድሉን በጣም ያጠበዋል። መልሱ ያለበት ክፍል `data-nosnippet` የተጻፈበት `div`፣ `span` ወይም `section` ውስጥ ከሆነም ያ ክፍል ብቻ ተለይቶ ይታገዳል። በተጨማሪ መልሱ አንባቢው ቁልፍ ሲጫን ብቻ ከሰርቨር የሚመጣ ከሆነ ጉግል ላያየው ይችላል፤ ገጹ ሲከፈት ኮዱ ውስጥ መገኘት አለበት።

ገደቦቹንም ሳይሸፋፈኑ ልንገርዎት። ሳጥኑ ዋስትና የለውም። ዛሬ ይዘውት ነገ ለሌላ ገጽ ሊሰጥ፣ ወይም ለዚያ ፍለጋ ጨርሶ ሊነሳ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ደግሞ ሳጥኑን የያዘ ገጽ በዚያው የመጀመሪያ ገጽ ዝርዝር ውስጥ ዳግመኛ አይወጣም፤ ስለዚህ ሳጥኑን ሲይዙ 4ኛነቱን ይለቃሉ። ለ«እንዴት» ጥያቄ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል፣ ሰው ትእዛዙን ለመገልበጥ ወደ ገጹ ይገባልና። ለትርጉም ግን ሳጥኑን አንብቦ የሚሄደው ይበዛል፤ የትርጉም ሳጥን ይዘው የጎብኚ ቁጥር ባይጨምር ብልሽት አይምሰልዎት።

ውጤቱን መለካትም ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰርች ኮንሶል ፊቸርድ ስኒፔትን ለይቶ የሚያሳይ ማጣሪያ የለውም፤ ሳጥኑ እንደ 1ኛ ቦታ ይቆጠራል። የዚያ ሐረግ አማካይ ቦታ ከ4 ገደማ በድንገት ወደ 1 ከተጠጋ በግላዊ መስኮት ፈልገው በዓይንዎ ያረጋግጡ። እርማቱን ባወጡበት ቀን የገጹን አድራሻ እዚያው በዩአርኤል መመርመሪያው አስገብተው ኢንዴክስ እንዲደረግ ይጠይቁ፤ ቀኑንም ይመዝግቡ። ገጹ እንደገና ካልተነበበ ጉግል የሚያውቀው አሮጌውን ጽሑፍ ነው፣ በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መልሶ ማፍረስ እርማቱ ሳይፈተን እንዲቀር ያደርጋል። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይጠብቁ።

ለእርስዎ ገጽ የምመክረው ይህ ነው። በመጀመሪያ `nosnippet` አለመኖሩን ያረጋግጡ። ከዚያ መግቢያውን ወደ 2 ዓረፍተ ነገር ያሳጥሩ፤ የዊንዶውሱን ንዑስ ርዕስና ያልተቆራረጠ ዝርዝር ወዲያው ከሱ ሥር ያድርጉ። ለማክ የራሱን ዝርዝር ያስከትሉ፣ ትርጉሙን ከላይ ባሳየሁት 43 ቃል ልክ በራስዎ አባባል ይጻፉ፣ ሁለቱን አጫጭር ጥያቄዎች ከሱ በታች ያስገቡ። ከ2500 ቃሉ ውስጥ ከእነዚህ አንዱንም የማያብራራውን ይቁረጡ። በገጹ ላይ ያለውን ሌላ ነገር፣ ርዕሱንና አድራሻውን ጨምሮ፣ በዚህ ጊዜ አይንኩ፤ ሁሉንም አንድ ላይ ከለወጡ ደረጃዎ ቢወርድ በየትኛው እንደወረደ ማወቅ አይችሉም። በ4 ሳምንት ውስጥ ሳጥኑ ካልመጣና አሁንም 4ኛ ከሆኑ፣ የዝርዝሩን ይዘት ሳይነኩ ንዑስ ርዕሱን ብቻ በሰርች ኮንሶል ብዙ ሰው በጻፈው አጠያየቅ ይተኩት፤ «ይጸዳል» ሳይሆን «ማጽዳት» ወይም «ማጥፋት» ብለው የሚፈልጉት ሊበዙ ይችላሉ። ከዚያ ሌላ 4 ሳምንት ይስጡት።